ደህና ነኝ የሚል የሕመም ማመልከቻ

ካምፓላ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ዘዴ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ትምህርቱን አይወዱትም፤ እኔንም እንደዚያው። አልፈርድባቸውም። ገና በመጀመሪያው ቀን ፊታቸው ቆሜ፣ “ኮርስወርክ ከቀነ ገደቡ በኋላ አልቀበልም። የታመመ በደብዳቤ ያመልክት፤ የሐኪም ወረቀትም ያያይዝ” ብዬ የማስፈራራ ሰው ነኝ። ክፋት ኖሮብኝ አይደለም። እኔ ኮርስወርክ የሚባለውን የጽሑፍ ሥራ ባዘዝኩ ቁጥር ሰፈራችን ካንሳንጋ ውስጥ መብራት ይጠፋል፣ ላፕቶፕ ይሞታል፣ ፍላሽ ሰው ከሚያመላልሰው ሞተር ሳይክል፣ ከቦዳ ላይ ይወድቃል። በእኔ ኮርስ ምክንያት የሞተው ላፕቶፕ ቢሰበሰብ አንድ ሱቅ ይሞላል።

ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት ኢሜይሌን ስከፍት ከአንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዬ ደብዳቤ መጥቷል። ልጅቷን አውቃታለሁ። የአገሬ ልጅ ናት፤ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ሳትናገር የምትጽፍ፣ ሥራዋን ሁልጊዜ ከቀኑ በፊት የምታስገባ። ከዚያም በላይ አውቃታለሁ፤ ምክንያቱም እራቴን የምበላው አክስቷ ቤት ነው። አክስቷ ካንሳንጋ፣ ከምኖርበት ፎቅ ሥር፣ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። እኔ ደግሞ ምግብ ማብሰል የማልችል፣ ለመማርም ሐሳብ የሌለኝ ወንደላጤ ነኝ።

ኮርስወርኩ መግባት የነበረበት ያለፈው ዓርብ ነው። ደብዳቤው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ አጥንቱ ግን አማርኛ ነው። እንዲህ ይላል፦

“ለተከበሩ መምህሬ። ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ሥራ እንዴት ነው? በአገር ቤት ያሉት ቤተሰብዎስ? እኔ ለእግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይግባውና በጣም ደህና ነኝ።”

በሁለተኛው አንቀጽ ስለ ማስተማሬ አመሰገነችኝ። በሦስተኛው፣ ታይፎይድና ወባ አንድ ላይ ይዘዋት በመሰንበታቸው ኮርስወርኩን ማስገባት እንዳልቻለች ገልጻ አንድ ሳምንት እንዲጨመርላት በትህትና ጠየቀች። ያከማት የካንሳንጋ ክሊኒክ የሰጣትን የላቦራቶሪ ውጤት ፎቶ አንስታ አያይዛለች። የክሊኒኩ ማኅተም ግማሹ ከአውራ ጣቷ ጥፍር ጋር ይታያል።

አነበብኩት። አንድም ነገር አልጎረበጠኝም። እንዲያውም “ሥርዓት ያላት ልጅ” አልኩ በሆዴ። መምህር ብቻውን ቀን መጨመር አይችልም፤ ሐሳቡን ጽፎ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይልካል፣ የሚያጸድቁት እሳቸው ናቸው። እኔም፣ “ማመልከቻውን በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ፤ ምክንያቱ አሳማኝ ስለሆነ እደግፈዋለሁ” ብዬ ላክሁና ቡናዬን ልጠጣ ወጣሁ።

ኃላፊያችን ኡጋንዳዊት ናቸው። ጥርት ያለ አንደበት፣ ከዚያ የጠራ ዓይን አላቸው። የመልስ ኢሜይላቸው ቡናዬን ሳልጨርስ ደረሰ።

“ዶክተር፣ በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ ብለዋል። ተማሪዋ በአንቀጽ አንድ በጣም ደህና ነኝ ትላለች። በአንቀጽ ሦስት በጠና ታምሜያለሁ ትላለች። የትኛውን ላጽድቅ?”

ደብዳቤውን መልሼ ከፈትኩት። አዎ፣ “በጣም ደህና ነኝ” ይላል። ጽሑፉ በጉልህ ተቀምጦ ያየኛል። እኔ ተማሪ አንድ ነጠላ ሰረዝ ቢያዛባ ነጥብ የምቀንስ ሰው፣ ታምሜያለሁ የሚል ማመልከቻ ደህና ነኝ ብሎ ሲጀምር አላየሁም። ለምን እንዳላየሁት አውቃለሁ። ሰላምታ ለእኛ እንደ ቤት ደጃፍ ነው፤ ይታለፍበታል እንጂ ማንም ቆሞ አይመረምረውም። ልጅ ሳለን ለዘመድ ደብዳቤ ስንጽፍ፣ ቤቱ ተቃጥሎ ከብቱ አልቆ እንኳ ቢሆን፣ “እኔ ደህና ነኝ” ሳንል ወሬ አንጀምርም ነበር።

ስልክ ደወልኩላቸው። “ማዳም፣ እሱ እኮ ሰላምታ ነው” አልኩ።

“ሰላምታ እኛም እናውቃለን፣ ዶክተር” አሉኝ። “ግን ይህ ወረቀት ፋይል ውስጥ ይገባል። ነገ የፈተና ኮሚቴው ለምን ቀን ጨመራችሁ ቢል፣ ሰላምታ ነው እንበል?” ቀጥለውም፣ “ተማሪዋ የአገርዎ ልጅ ናት አይደል?” አሉ።

በለስላሳ ድምፅ ነበር ያሉት። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ውሳኔያቸው ይህ ሆነ፦ ተማሪዋ ደብዳቤውን አስተካክላ ሐሙስ ራሷ ይዛ ትቅረብ፤ የውጭ ክሊኒክ ወረቀት ብቻውን ስለማይበቃም የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ አይቶ ያረጋግጥላት። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ኮርስወርክ የሌላት ተማሪ ለመጨረሻው ፈተና አትቀመጥም። ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። ኃላፊዋ እምቢ ካሉ ልጅቷ ጓደኞቿ ተመርቀው ሲሄዱ እሷ ለአንድ ኮርስ አንድ ሙሉ ዓመት ትቀመጣለች። ያም የሚሆነው እኔ ሳላነብ “አንብቤዋለሁ” ስላልኩ ጭምር ነው።

ማታ ወደ ምግብ ቤቱ ወረድኩ። ደንቡን ለተማሪዬ ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ ደብዳቤውን መጻፍ ግን አልችልም። መምህር ለተማሪው ማመልከቻ ጽፎ፣ ራሱ ደግፎ፣ ራሱ ሊያስተላልፍ? ይህን ልዩነት ለራሴ አጥብቄ እየነገርኩ ገባሁ።

አክስቷ እንደ ወትሮው፣ “መጣህ? ቁጭ በል” አላለችኝም። “እንደምን አመሹ፣ ዶክተር” አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንተ ስትለኝ፣ ሲላትም ሸሚዝህን ተኩስ ብላ ስትቆጣኝ የኖረች ሴት ናት። አሁን እርስዎ ሆንኩ። እንደ ልማዴ ሽሮ አዘዝኩ፤ ከሽሮው ጋር ጥብስ መጣ፣ ከጥብሱ ጋር ክትፎ። ያላዘዝኩት ሥጋ ፊቴ ተከምሮ ሳየው መማለጃ መሆኑ ገባኝ፤ እሱን ከበላሁ እኔም በአንቀጽ ሦስት ልታመም ነው። ሽሮዬን በዳር በዳር እየጎረስኩ ጉዳዩን ለእሷና ለልጅቷ ነገርኳቸው።

“በጣም ደህና ነኝ የሚለው ይውጣ” አልኩ።

“ሰላምታው?” አለች አክስቷ፣ የዳቦ ቢላዋ በእጇ እንደያዘች። “ሰው ለታላቁ ሲጽፍ በሕመሙ ይጀምራል? ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ክስ ነው እንጂ ደብዳቤ ነው?”

“እትዬ፣ ሰላምታው ይቅር አላልኩም። ደህና ነኝ የሚለው ብቻ።”

“እንዴ! ደህና አይደለሁም ብላ በገዛ እጇ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ማኅተም አስመትታ? ልጄን ላሟርትባት? ሁለቱም በሽታ ለቋታል፣ እግዜር ይመስገን። አሁን ደህና አይደለሁም ብትል እግዜር እንዴት ያየዋል?”

“ደብዳቤው እኮ ለእግዜር አይደለም፤ ለትምህርት ክፍሉ ነው።”

“እግዜር የማያነበው ደብዳቤ አለ?” አለችኝ። እኔ የምርምር ዘዴ መምህሩ ወደ ሽሮዬ ተመለስኩ።

ልጅቷ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች። ሁላችንም በሙቀቱ እያላበን እሷ ሹራብ ደርባለች፤ በአንድ እጇ የባንኮኒውን ጠርዝ ይዛለች። “ዶክተር፣ ይቅርታ ያስቸገርኩዎት። አሁን እኮ በጣም ደህና ነኝ” አለች። አክስቷ፣ “አላልኩም?” በሚል ዓይን አየችኝ።

በዚህ መሐል ከጥግ ጠረጴዛ አንድ ሰው ወንበሩን ይዞ መጣ። የቤቱ ደንበኛ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ ኤርትራዊ ነው። የሰው ጉዳይ ሲሰማ እንጀራው የማይዋጥለት ዓይነት።

“ደብዳቤ ለእኔ ተዉት” አለ። “እኔ ለጉምሩክ ስንት ዓመት ጽፌያለሁ። ዕቃ እንዲለቁልህ ማልቀስ አለብህ። ሓቂ ነው የምላችሁ፤ ያላለቀሰ ዕቃው ወደብ ላይ ይዝጋል። ጻፊ፣ ልጄ።”

ልጅቷ ላፕቶፗን ከፈተች። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ማስጻፍ ጀመረ። “ነፍሴ ከሥጋዬ ልትለይ አንዲት ክር ሲቀራት...”

ሳልኩ። መናገር አልችልማ! ማሳል ግን የሚከለክል ደንብ የለም።

“...ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠው፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ...”

ጠንከር አድርጌ ሳልኩ። አክስቷ፣ “ሚጥሚጣው ነው፤ ውሃ ልስጥዎት” ብላ ውሃ አመጣችልኝ። ሰውየው ቀጠለ። እኔ እየሳልኩ፣ አክስቷ ውሃ እየቀዳች፣ ልጅቷ እየጻፈች፣ ደብዳቤው ወደ መርዶ ተለወጠ። መጨረሻ ላይ አክስቷ ነገሩ ከበዳትና አንድ ዓረፍተ ነገር ካልተጨመረ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ጨመሩት። “አሁን ግን እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።” ከላይ ያስወጣሁት ከታች ገባ።

“አንቺ በራስሽ ቃል ብትጽፊው ይሻላል” አልኳት ልጅቷን ስወጣ። ከዚያ በላይ ማለት አልቻልኩም። ጥብሱንና ክትፎውን እንዳልነካሁ ትቼ ወጣሁ። እስከ ሐሙስ ድረስ በዚያ በር አላለፍኩም፤ መንገድ ዳር ሮሌክስ እየገዛሁ ኖርኩ። እንቁላል የተጠቀለለበት የቻፓቲ ቂጣ ለአንድ ቀን ደስ ይላል። በሦስተኛው ቀን ግን ደንብ ማክበር ምን ያህል መራራ እንደሆነ ይገባችኋል።

ሐሙስ ጠዋት የኃላፊዋ ቢሮ በር ላይ ስደርስ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ልጅቷ ከነሹራቧ። አክስቷ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላ ደርባ። ነጋዴው ሱፍ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋለች።

“የተጠራችው እሷ ብቻ ናት!” አልኩ በሹክሹክታ።

“ልጅ ብቻዋን ለትልቅ ሰው ትቀርባለች?” አለች አክስቷ። “ሽማግሌ ይዘን ነው የመጣነው።” ነጋዴው ሽማግሌ መባሉ ቢከነክነውም ክራባቱን አስተካከለ።

ኃላፊዋ ሁላችንንም አስገቡን። ኡጋንዳዊ በሰላምታ አይታማም። እንዴት አደራችሁ፣ ቤት እንዴት ነው፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ሥራ እንዴት ነው፣ እንኳን መጣችሁ፤ አንድም ሳይዘሉ ለሁሉም አዳረሱ። አክስቷ ዞራ፣ “አየህ? ሰላምታ የሚያውቁ ሴት ናቸው” በሚል ገጽታ አየችኝ። እርስዎነቴ በፊቷ ላይ አልነበረም።

ነጋዴው ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገና በእንግሊዝኛ፣ “እኛ የመጣነው ለእርቅ ነው” አለ።

“እርቅ?” አሉ ኃላፊዋ። “ማን ተጣላ?”

ነጋዴው እኔን አየኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። “ማንም” አለና ተቀመጠ። የሽምግልናው ሥራ በዚህ አበቃ።

ኃላፊዋ አዲሱን ደብዳቤ ወስደው አነበቡ። ነፍስ ከሥጋ ልትለይ ስትል ቅንድባቸው ከፍ አለ፤ ቤተሰብ ሲሰበሰብ የበለጠ ከፍ አለ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ለዚህች ልጅ የቀራት ዕድል ይህ ቢሮ ብቻ ነው፤ እሱንም በልቅሶና በምስጋና ሞልተነዋል።

“ልጄ፣ አንቺ እንዴት ነሽ?” አሏት።

“ደህና ነኝ፣ ማዳም። እግዚአብሔር ይመስገን” አለች ልጅቷ።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

ኃላፊዋ ግን አልተቆጡም። ደብዳቤውን ገለበጡና ፊታቸው ላይ አስቀመጡት። “ስሚኝ” አሉ፣ “እኔ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ደህና ላልሆነ ሰው ነው። ደህና ለሆነ ሰው የማደርግለት የለኝም፤ ሄዶ ይማራል። ደህና ነኝ ካልሽኝ በሩን መዝጋቴ ነው። አሁን እንደገና ልጠይቅሽ። እንዴት ነሽ?”

ልጅቷ እንደ ባንኮኒው ሁሉ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

“ያነበብኩት አይገባኝም” አለች። “አንድ መስመር አንብቤ ወደሚቀጥለው ስሄድ የመጀመሪያው ይጠፋብኛል። ዓርብ ላስገባ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ላፕቶፑ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ርዕሱን ብቻ ነው የጻፍኩት። ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ይጨልማል። ሻወር ቤት ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ሲያስመልሰኝ ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧውን እከፍተዋለሁ። ይሄ ዓመት ካለፈኝ ለእናቴ ምን እላታለሁ እያልኩ...”

“መቼ ነው የወደቅሽው?” አለች አክስቷ በአማርኛ። ካምፓላ ውስጥ ሃያ ዓመት ስለኖረች እንግሊዝኛው አላመለጣትም።

ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ ወደ ታች ሳበች።

“እኔ ጠዋት ጠዋት በርሽን አንኳኩቼ እንዴት አደርሽ ስልሽ?”

“ደህና እልሻለሁ” አለች ልጅቷ። “ምግብ ቤቱን ልትከፍቺ ስለምትሄጂ ነው።”

አክስቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ዳነች ብላ በየማለዳው እግዜርን ያመሰገነች ሴት፣ በአንድ ግድግዳ ማዶ የነበረውን የሰማችው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በባዕድ ሰው ቢሮ፣ በእንግሊዝኛ ነው። እኔም ባንኮኒውን ይዛ ስትቆም አይቻት ነበር። አይቼ ስለ አንቀጽ ነው ያወራሁት። በጣም አፈርኩ።

“ባምቢ” አሉ ኃላፊዋ። እዚህ አገር ሰው ሲያሳዝናቸው የሚሉት ነው፤ ከዚያ ቃል በኋላ ብዙ ጊዜ የሚጨመር ነገር የለም።

ከመሳቢያቸው ንጹሕ ወረቀት አውጥተው ለልጅቷ ሰጧት። “አሁን የነገርሽኝን ብቻ ጻፊ። ሰላምታውን ተቀብያለሁ” አሉ። ልጅቷ ግማሽ ገጽ ያህል በእጇ ጻፈች። ነጋዴው አንገቱን አስግጎ ሊያነብ ሲል አክስቷ ክርኑን መታችው። ኃላፊዋ አነበቡት፤ ቀጥሎ የላቦራቶሪውን ውጤት አዩ፤ ቀጥሎ እኔን።

“ዶክተር፣ ይህንን አንብበዋል?”

ብድግ ብዬ ሄጄ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ፊርማው አነበብኩ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ “እደግፈዋለሁ” ብዬ ከሥሩ ጻፍኩና ፈረምኩ። እሳቸው አንድ ሳምንት የተጠየቁትን ሁለት አደረጉት። “አሁኑኑ ታች ወዳለው የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ሂዱና እንደገና ትታይ። ውጤቷንም ያረጋግጡላት፤ ወረቀቱ ዛሬ ይድረሰኝ” አሉ። የፈተና መግቢያዋም እንዳይታገድ፣ ኮርስወርኳ በፈቃድ የዘገየ ተብሎ እንዲመዘገብ ለጽሕፈት ቤቱ ማስታወሻ ጻፉ።

መጨረሻዋን ለማወቅ የቸኮለ ካለ፣ ሥራዋን በተሰጣት ቀን አስገባች፤ ለፈተናውም ተቀመጠች። ኮርስወርኩ መካከለኛ ነበር፤ ነጠላ ሰረዙም እዚህም እዚያም ተዛብቷል። የሚገባውን ቀነስኩ። ከእኔ ሌላ ነገር መጠበቅ የለባትም።

ከቢሮው ስንወጣ ነጋዴው፣ “ቦዳ ላይ አትወጣም፤ መኪናዬን በር ላይ አመጣለሁ” ብሎ ቀድሞ ወረደ። እኔ የልጅቷን ላፕቶፕና የአክስቷን ቦርሳ ተሸክሜ ከኋላ ቀረሁ። አክስቷ ትቆጣለች ብዬ እጠብቅ ነበር፤ እሷ ቁጣ አይጠፋትም። ደረጃውን ልጅቷ መደገፊያውን ይዛ፣ አክስቷ ክንዷን ይዛ ወረዱ። የክፍል ለውጥ ሰዓት ሆኖ ተማሪው እየተጋፋ ሽቅብ ይመጣል።

ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ልጅቷ ቆመች። “እትዬ፣ ቆይ” አለች። “ደከመኝ።”

አክስቷ አየቻት። ከዚያ የክት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አቧራው ላይ፣ ደረጃው መሐል ቁጭ አለችና ልጅቷን ወደ ጎኗ ሳበቻት። ተማሪዎቹ ለሁለት ተከፍለው በግራና በቀኛቸው ያልፋሉ። እኔ ከበላያቸው ቦርሳ ይዤ ቆሜ ጠበቅኋቸው።